መልእክት በኔትወርክ ንብርብሮች ሲወርድና ሲወጣ

ባለፈው ክፍለ ጊዜ የንብርብሮቹን ስምና ሥራ ስላየን፣ ዛሬ አንድ መልእክት ይዘን ከላኪው አፕሊኬሽን ተነሥተን እስከ ተቀባዩ አፕሊኬሽን ድረስ እንከተለዋለን። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ደረጃነት የታተመው የኦ ኤስ አይ ሞዴል ሰባት ንብርብሮች ቢኖሩትም፣ በኢንተርኔት ላይ የሴሽንና የፕረዘንቴሽን ንብርብሮች ሥራ በአብዛኛው በአፕሊኬሽኑ በራሱ ስለሚከናወን፣ በአምስት ንብርብር ማስረዳቱ ለአሁኑ ዓላማችን ይበቃል።

አንድ ብራውዘር በኬብል ከተገናኘ ኮምፒውተር የሚከተለውን አጭር ጥያቄ ወደ አንድ ሰርቨር ላከ እንበል፤ የቲ ሲ ፒ ግንኙነቱ አስቀድሞ ተመሥርቷል።

```
GET /index.html HTTP/1.1
Host: example.com

```

በየመስመሩ መጨረሻ ያሉትን ሁለት ሁለት የማይታዩ ባይቶችና የመጨረሻውን ባዶ መስመር ጨምረን ስንቆጥር መልእክቱ 47 ባይት ነው። ትራንስፖርት ንብርብር ይህን ተቀብሎ ይዘቱን ሳይነካ ከፊቱ ቢያንስ 20 ባይት የሚሆን የቲ ሲ ፒ ሄደር ይጨምርበታል። በሄደሩ ውስጥ የመነሻ ፖርት (ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለጊዜው የመደበው፣ ለምሳሌ 51514)፣ የመድረሻ ፖርት (80)፣ የቅደም ተከተል ቁጥርና ቼክሰም ይገኛሉ። አሁን 67 ባይት የሆነው ይህ ሴግመንት ወደ ኔትወርክ ንብርብር ሲወርድ፣ የአይ ፒ ስሪት 4 ሄደር ሌላ 20 ባይት ጨምሮበት 87 ባይት ያለው ፓኬት ይሆናል። ዳታ ሊንክ ንብርብር ደግሞ ከፊቱ 14 ባይት የኢተርኔት ሄደር፣ ከኋላው 4 ባይት የስሕተት መፈተሻ አክሎ 105 ባይት የሆነ ፍሬም ያደርገዋል፤ ፊዚካል ንብርብር ይህን ወደ ምልክት ለውጦ በኬብሉ ላይ ያስተላልፋል። በዚህ ምሳሌ ከመልእክቱ ይልቅ መጠቅለያው መብለጡን ልብ በሉ።

እያንዳንዱ ንብርብር ሄደሩን የሚጽፈው በሌላኛው ጫፍ ለሚገኘው አቻው ነው። የአይ ፒ ሶፍትዌር በውስጡ የተሸከመው የድረ ገጽ ጥያቄ ይሁን ኢሜይል አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ሽቅብ ጉዞው እንዲሳካ እያንዳንዱ ሄደር የያዘውን ጭነት ለማን ማስረከብ እንደሚገባ የሚጠቁም አንድ ቁጥር መያዝ አለበት፤ በእኔ ግምት ተማሪዎች ትኩረት የሚነፍጉት ይህንን ነው። በኢተርኔት ሄደር 0x0800 የሚለው ዋጋ «ውስጡ የአይ ፒ ስሪት 4 ፓኬት ነው» ማለት ነው። በአይ ፒ ሄደር ቁጥር 6 ከሆነ ለቲ ሲ ፒ፣ 17 ከሆነ ለዩ ዲ ፒ ይሰጣል። በቲ ሲ ፒ ሄደር የመድረሻው ፖርት አፕሊኬሽኑን ይለያል። እነዚህ ቁጥሮች ባይኖሩ ተቀባዩ ማሽን ሄደሮቹን ቢገልጥም ቀሪውን ለማን እንደሚያቀብል ባላወቀ ነበር።

ፍሬሙ ግን በቀጥታ ሰርቨሩ ጋ አይደርስም። የመድረሻው የማክ አድራሻ የሰርቨሩ ሳይሆን የቅርቡ ራውተር አድራሻ ነው፤ በፈተና ላይ በብዛት የሚሳሳቱበት ጥያቄም ይኸው ነው። በመካከል ያለው ስዊች የማክ አድራሻውን ብቻ አይቶ ፍሬሙን ሳይለውጥ ያሳልፈዋል። ራውተሩ ግን ፍሬሙን ፈትሾ የኢተርኔቱን ሄደርና መፈተሻ ይጥላል፣ ፓኬቱን እስከ ኔትወርክ ንብርብር ያወጣል፣ የአይ ፒ መድረሻውን ከማዞሪያ ሰንጠረዡ ጋር አስተያይቶ የሚወጣበትን በር ይመርጣል። ከዚያም የፓኬቱን የዕድሜ ቁጥር በአንድ ቀንሶ (64 ከነበረ 63 አድርጎ) የአይ ፒ ሄደሩን ቼክሰም እንደገና አስልቶ፣ በአዲስ የማክ አድራሻዎች በአዲስ ፍሬም ጠቅልሎ ቁልቁል ይሰድደዋል። የአድራሻ ትርጉም የሚያደርግ ራውተር በመካከል እስካልገባ ድረስ የአይ ፒ አድራሻዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ናቸው፤ የማክ አድራሻዎቹ ግን በየራውተሩ ይለወጣሉ።

በሰርቨሩ በኩል ሥራው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ዳታ ሊንክ መፈተሻውን ራሱ አስልቶ ከመጣው ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመ ፍሬሙን ለማንም ሳያሳውቅ ይጥለዋል፣ የጎደለውንም ዳግመኛ መላክ የላኪው ቲ ሲ ፒ ኃላፊነት ይሆናል። ከገጠመ 87ቱን ባይት ለአይ ፒ ያስረክባል፤ አይ ፒ 67ቱን ለቲ ሲ ፒ፣ ቲ ሲ ፒ 47ቱን በፖርት 80 ለሚጠባበቀው ፕሮግራም ያደርሳል። ሰርቨሩ ጥያቄውን ያነበበው ብራውዘሩ እንደጻፈው፣ አንድ ፊደል ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ነው።

መልሱ ሲመለስ የመነሻና የመድረሻ ፖርቶቹ ቦታ ይቀያየራሉ፤ በመድረሻነት የሚቀመጠውም ቀድሞ የተመደበው 51514 ነው። ገጹ ትልቅ ከሆነ ደግሞ፣ የኢተርኔት ጭነት በተለምዶ ከ1500 ባይት ስለማይበልጥና ሁለቱ ሄደሮች 40 ባይት ስለሚወስዱ፣ ቲ ሲ ፒ ቢበዛ 1460 ባይት በሆኑ ቁራጮች ይከፋፍለዋል። ቁራጮቹ ቅደም ተከተላቸውን ሳይጠብቁ ቢደርሱ እንኳ፣ በብራውዘሩ በኩል ያለው ቲ ሲ ፒ በቅደም ተከተል ቁጥራቸው አሰልፎ ወደ ላይ ያቀርባቸዋል።