ለወ/ሪት እናትነሽ ይበልጣል የተሰጠ የድጋፍ ደብዳቤ

ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለሁለተኛ ዲግሪ ስኮላርሺፕ መራጭ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለወ/ሪት እናትነሽ ይበልጣል የድጋፍ ደብዳቤ ስለመጻፍ

ክቡራን የኮሚቴው አባላት፣

በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ትምህርት ክፍል የአፈር ሳይንስ መምህር ነኝ። ወ/ሪት እናትነሽ ይበልጣል በሐራማያ ዩኒቨርሲቲ በአፈር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመማር ስኮላርሺፓችሁን ስትጠይቅ ደብዳቤ እንድጽፍላት ለመነችኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ሁለት ኮርስ አስተምሬአታለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፏንም አማክሬአለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትን ነው።

በየዓመቱ ብዙ ተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቀኛል። «ጎበዝ፣ ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያላት» ብሎ መፈረም ቀላል ነው። እናንተም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጠረጴዛችሁ ላይ ሞልቶ ይሆናል። እኔ ግን የእናትነሽን ሥራ ብነግራችሁ ይሻላል።

ውጤቷን ከትራንስክሪፕቷ ታዩታላችሁ። በ2015 ዓ.ም. የተመረቀችው በ3.71 ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሀገር አቀፍ ደረጃ በተሰጠው የመውጫ ፈተና 81 አምጥታለች። በስታቲስቲክስ ያገኘችው ሲ ፕላስ ዓይናችሁን ሊስበው ይችላል። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፏ በጎዛምን ወረዳ ስላለው የአፈር አሲዳማነት ነበር። ይህ ለጎጃም ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ደጋው ዝናብ ይበዛበታል። ዝናቡ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ እያጠበ ይወስዳል። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ይሄዳል፤ ወደ መሬቱ የሚመለስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የእህሉን ሥር ይጎዳል። ገበሬው የገዛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስም አፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ገብስና ባቄላ ይዘራበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ እንግዶ ወይም ባሕር ዛፍ የምናየው በብዙ ቦታ ለዚህ ነው።

ርዕሱ አዲስ አይደለም። ብዙ ተማሪ ይመርጠዋል። አብዛኛው ግን ናሙና ሰብስቦ፣ ለክቶ፣ «አፈሩ አሲዳማ ነው፣ ኖራ ይጨመርበት» ብሎ ይጨርሳል። እናትነሽ እዚያ ላይ አልቆመችም።

ሜዳ ስትወጣ ያነጋገረችው የቤቱን አባወራ ብቻ አልነበረም። ጓዳ ገብታ ሴቶቹን ጠየቀች። «አመዱን የት ነው የምትደፉት?» የሚል ጥያቄ መጠይቁ ላይ አልነበረም፤ ራሷ ናት ያመጣችው። መልሱ ሁሉም ቤት አንድ ሆነ፦ ጓሮ። የበረቱ ፍግም የሚወድቀው እዚያው ነው። አመድ ደግሞ አሲድን የሚያረክስ ነገር ነው። እናትነሽ ይህን እንደሰማች ከየገበሬው ሁለት ናሙና መውሰድ ጀመረች፤ አንዱን ከጓሮ፣ አንዱን ከሩቁ ማሳ። ከ24 ገበሬዎች 48 ናሙና ያዘች። የጓሮው አማካይ ፒኤች 5.7 ሲሆን የሩቁ ማሳ 4.9 ሆነ። ሁለቱን ቀላቅላ ብትለካ ኖሮ አማካዩ ለጓሮውም ለማሳውም የማይሆን ምክር ይወልድ ነበር። ይህን ያመጣላት የተለየ መሣሪያ አይደለም። ማንን መጠየቅ እንዳለባት አውቃ ነው።

ላብ ውስጥ ያደረገችው ደግሞ እስከ ዛሬ ለሌሎች ተማሪዎች የምነግረው ነው። ከናሙናዎቿ አምስቱን ደግማ በሌላ ቁጥር መዝግባ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለቻቸው። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል የሚያሳየውን ዝርዝር ለጓደኛዋ ሰጥታ እሷ ሳታይ ለካች። ማንም አላዘዛትም። ስትጨርስ ዝርዝሩ ሲገለጥ ሦስቱ ገጠሙ፤ ሁለቱ አልገጠሙም። ሰበቡን ስትፈልግ በዚያ ቀን አመሻሽ ላይ ቸኩላ ንባቡ ሳይረጋ እንደጻፈች ደረሰችበት። የዚያን ከሰዓት በኋላ ሥራ በሙሉ ሰርዛ እንደገና ለካች። የተሰረዙት ቁጥሮች መዝገቧ ላይ በአንድ መስመር ተሰርዘው እንዲነበቡ ሆነው አሉ። ከጎናቸው ቀኑና ምክንያቱ ተጽፏል። ስለ ታማኝነቷ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለኝም። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

ሌላው የምወድላት ነገር የኖራውን ስሌት የሠራችበት መንገድ ነው። ከሩቁ ማሳዎች በአንዱ ስሌቱ ለሄክታር 27 ኩንታል ኖራ አወጣላት። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ። እሷ ግን ወደ ቃዳ መለሰችው፤ እንደምታውቁት የእኛ ገበሬ በሄክታር አያስብም። ሩብ ሄክታር ለሆነው አንድ ቃዳ ወደ 7 ኩንታል ይደርሳል። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም 14 ጭነት ማለት ነው፤ ለዚያውም መኪና ከሚያወርድበት መንገድ እስከ ማሳው። የመመረቂያ ጽሑፏን ስታቀርብ ይህን በአንድ ሰንጠረዥ አሳየች። ከዚያም «ምክሩ ትክክል ሆኖ የማይፈጸም ከሆነ ምክር ነው ወይ?» ብላ ጠየቀች። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ኮስተር ብለው ነበር። በኋላ ከሁሉም በላይ ነጥብ የሰጧት እሳቸው ናቸው።

ሐራማያ ሄዳ መሥራት የምትፈልገውም ከዚህ የመጣ ነው። ኖራውን በሙሉ ማሳው ላይ ከመበተን ይልቅ በትንሽ መጠን በዘር መስመሩ ላይ ብቻ ከኮምፖስት ጋር ቢጨመር ምን ያህል ይሠራል? ስንት ዓመትስ ይቆያል? ጥያቄው ለመጽሔት ብቻ የሚሆን አይደለም። መልሱ ተገኝቶ ጭነቱ ከ14 ወደ 4 ወይም 5 ቢወርድ ብዙ ገበሬ ይሞክረዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሲ ፕላሱ። ስታቲስቲክስን የወሰደችው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደካማ ነበረች። የመረጃ ትንተናው ሲመጣ ሌላ ሰው እንዲሠራላት መክፈል ትችል ነበር። ይህ በየግቢው ያለ ነገር ነው፤ መደበቅ አያስፈልግም። እሷ R የተባለውን ፕሮግራም ከዜሮ ተነሥታ ተማረች። ስትገመገም «ይህን ሙከራ ለምን መረጥሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ጓሮውና ማሳው የአንድ ገበሬ ስለሆኑ ጥንድ ጥንድ ሆነው መነጻጸር እንዳለባቸው በቀላል አማርኛ አስረዳች። ትራንስክሪፕቱ ይህን አያሳይም።

ድክመቷንም ልንገራችሁ። ሰው ፊት ስትናገር መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ይጠፋል፤ በተለይ በእንግሊዝኛ። ለኢንተርቪው ከጠራችኋት የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ታገሷት። ስለ አፈር ጠይቋት፤ ያኔ ራሷ ትናገራለች። ጽሑፍ ላይ ደግሞ ማሳጠር ይከብዳታል። የመጀመሪያው ረቂቅ ሲመጣልኝ የጽሑፍ ዳሰሳው ብቻ ከሚፈቀደው እጥፍ ነበር። ቁረጪ ስላት ግን አታኮርፍም።

ከተመረቀች በኋላ ሲቪዋ ላይ ክፍተት ታያላችሁ። እሱ ላይ ቃል ልስጥ። ያለፈው ጊዜ ለአካባቢያችን ከባድ ነበር። መንገድ ይዘጋል፤ ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ብዙ ተመራቂ የሥራ ማስታወቂያ እንኳ ማየት አልቻለም። እናትነሽ ስናን ወረዳ ወደሚገኘው ቤተሰቧ ተመለሰች። እዚያም ሥራ አልፈታችም። ከአባቷ ማሳ ቁራሽ መሬት ለምና ለሁለት ከፈለችው። አንዱ ላይ ኖራ ጨመረች፤ ሌላውን እንዳለ ተወችው። ሁለቱም ላይ ገብስ ዘራች። መንገድ ሲከፈት ደብረ ማርቆስ መጥታ ቢሮዬ የገባችው ከሁለቱም ወገን የተነቀለ ገብስ በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ ነው። ኖራ ያላገኘው ሥሩ አጭርና ወፍራም፣ ጫፉ የደነዘ ነበር። የሌላው ቀጭንና ረጅም ሆኖ ቅርንጫፍ አውጥቷል። የአሉሚኒየም ጉዳት ክፍል ውስጥ በሥዕል የማሳየው ነገር ነው፤ እሷ ከነአፈሩ አመጣችው። ሁለቱንም ዛሬ ለማስተማሪያ እጠቀምባቸዋለሁ።

እኔ በጣም ተደሰትኩ፤ ጎረቤቶቿም ኖራ ከየት እንደሚገኝ መጠየቅ ጀምረው ነበር አሉ። እሷ ግን «መምህር፣ የአንድ መሬት የአንድ ዓመት ነው፤ ገና ምንም አልልም» አለችኝ። ማመልከቻዋ ላይ ይህን ሙከራ በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሳዋለች። እኔ ብሆን ገጽ እሰጠው ነበር።

ስለ ገንዘቡ ጉዳይ ብዙ አልልም፤ ማስረጃውን ከቀበሌ አያይዛለች። አባቷ ገበሬ ናቸው። ከእሷ በታች ትምህርት ላይ ያሉ ታናናሾች አሏት። ከጎጃም ሐራማያ ሄዶ ሁለት ዓመት መቀመጥ፣ የላብና የመስክ ወጪ ተጨምሮበት፣ ቤተሰቡ የሚችለው አይደለም። ያለ ስኮላርሺፕ ትማራለች ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም።

ካማከርኳቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች መካከል ለምርምር ሥራ የማስቀድመው እናትነሽን ነው። ቁጥር ሲሰጣት ከየት እንደመጣ ትጠይቃለች፤ የራሷ ቁጥር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ትጠራጠራለች። ስለዚህ ያለ ምንም ማመንታት እደግፋታለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፏን ቅጂ፣ የላብ መዝገቧን የተመረጡ ገጾችና የገብሱን ሥር ፎቶግራፍ በእሷ ፈቃድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤአለሁ። ከመዝገቡ ውስጥ የተሰረዙት ቁጥሮች ያሉበትን ገጽ እንድታዩት እጠይቃለሁ። ተጨማሪ ማብራሪያ ከፈለጋችሁ በትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት በኩል ልታገኙኝ ትችላላችሁ። ስልክ እምቢ ካለ ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ ኔትወርኩ አንዳንዴ ያስቸግራል።

ከሰላምታ ጋር

ላቀው ታረቀኝ
የአፈር ሳይንስ ሌክቸረር
የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ትምህርት ክፍል
ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ

ግልባጭ፦
ለወ/ሪት እናትነሽ ይበልጣል
ለትምህርት ክፍሉ