ለእናቴ ለወይዘሮ የሺ የስንብት ቃል

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ የዕድራችን አባላት፣ ጎረቤቶቻችንና ወዳጅ ዘመዶቻችን፤ እናቴን ለመሸኘት እዚህ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ድረስ ስለመጣችሁ በእህቶቼና በራሴ ስም እግዚአብሔር ይስጥልን እላለሁ።

እናቴ ወይዘሮ የሺ፣ በክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል፣ በ1949 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ሞላሌ አካባቢ ተወልዳ ገና በልጅነቷ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ወደ አዲስ አበባ፣ አክስቷ ዘንድ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ጉለሌ ነው። አባታችን በወጣትነቱ ካረፈ በኋላ ሦስታችንን ያሳደገችን በእንዝርቷ ነው። ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶ አድርጋ ሌሊቱን ስትፈትል ታድርና ሲነጋ ማጉን ይዛ ወደ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ትወጣለች። ደብተራችንም፣ ጫማችንም፣ የቤት ኪራዩም ከዚያ ቀጭን ክር ሲመዘዝ ኖረ።

እናንተ ግን እትዬ የሺን አብልጣችሁ የምታውቋት በልቅሶ ቤት ነው። የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሁሉ ቀድማ የምትወጣው፣ ድንኳኑ ሳይተከል ንፍሮውን የምትጥደው፣ ሠልስት እስኪያልፍ ከሐዘንተኛው ጎን የማትለየው እሷ ነበረች። ልቅሶዋም ለወግ ያህል አልነበረም። በስም እንኳ በቅጡ ለማታውቀው ሰው አንጀቷ እስኪቆረጥ ስታለቅስ እያየሁ አደግሁ፤ ምክንያቱን የተረዳሁት ግን ጎልምሼ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ያ ታናሽ ወንድሟ፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ በሌሊት ከቤት ተወስዶ ተገደለ። በዚያ በቀይ ሽብር ዘመን እናት እንኳ ለልጇ እንዳታለቅስ ትከለከል እንደነበር ከእናንተ መካከል የምታስታውሱ አላችሁ። ለአጎቴ ድንኳን አልተተከለም፤ ጥሩምባ አልተነፋም፤ አስከሬኑም ለቤተሰቡ አልተሰጠም። እናቴ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበረች። ጎረቤት እንዳይሰማ በሯን ዘግታ፣ እንዝርቷን እያሾረች፣ በሹክሹክታ ይህን ታንጎራጉር እንደነበር እሷው ነግራኛለች፦

እንዝርቴ ዙሪልኝ፣ ዙሪ አትድከሚ፣
እንባዬን ሰው አይየው፣ አንቺው ተሸከሚ።

በየሰው ድንኳን ያፈሰሰችው እንባ፣ ለባለቤቱ ከልብ የተሰጠ ቢሆንም፣ የወንድሟም ድርሻ ነበረበት።

በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት ይዣት ሄድሁ። በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የወጣቶች ፎቶዎች አንድ በአንድ እያየች አለፈች። የአጎቴ ፎቶ በመካከላቸው እንደማይኖር ታውቅ ነበር፤ ለሙዚየሙ የምትሰጠው አንድም ፎቶ አልነበራትምና። ሆኖም ከእነዚያ ከማታውቃቸው ልጆች ፊት ቆማ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አፍና የያዘችውን ድምፅ ለቀቀችው። ለወንድሟ በስሙ እየጠራች ስታለቅስ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። እህቶቼን «በቃችሁ» ብላችሁ ዝም አታሰኙብኝ፤ ከልብ ለመራራት እንደምትሉት አውቃለሁ፤ ነገር ግን እናታችን የተከለከለችውን እኛ ልጆቿ ሳንሰስት ልናደርገው ይገባል። ሁለተኛው ለካህናት አባቶቼ ነው። በእናቴ አርባ የጸሎት ቀን የወንድሟም የክርስትና ስም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ከእርሷ ስም ጋር አብሮ ይጠራልን። እናቴ በሕመሟ ሰሞን ስለ መድኃኒቱም ሆነ ስለ ሕመሙ ብዙም አላወራችም፤ ይህን ስም ግን እንዳልረሳው ደጋግማ አስጠንታኛለች።

እማዬ፤ ጉልበትሽን በእኛ ጨርሰሽ፣ ለራስሽ አንድ አዲስ ቀሚስ ሳትመርጪ ኖርሽ። በሠርጌ ቀን የለበስሁትን ጋቢ ማጉን የፈተልሽው አንቺ ነበርሽ፤ ዓይንሽ ደክሞ ክሩን በጣትሽ እየዳሰስሽ እንደፈተልሽው ባለቤቴ ናት የነገረችኝ። ልጆቼ ከእንግዲህ «እማማ የታለች?» ሲሉኝ የምመልሰውን ገና አላገኘሁም። ድምፅሽ ይናፍቀኛል፤ ማታ በር ከፍተሽ «መጣህ ወይ የኔ ጌታ?» የምትይኝ ይናፍቀኛል። ስለ አሳደግሽኝ፣ ስለ መከርሽኝ፣ ሰው በሐዘኑ ጊዜ ብቻውን እንደማይተው ስላሳየሽኝ አመሰግንሻለሁ።

እግዚአብሔር ነፍስሽን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ወንድምሽንም ያገናኝሽ። አሜን።