ሥራ ለሚጀምረው ልጄ፦ ስለ ቢሮ አለባበስ

ሐረር፣ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለዳዊት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህ እንደምን ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትህም ስለ ምግብህ ከመጨነቋ በቀር ደህና ናት። ሰኔ 3 ቀን ሰኞ በኢንሹራንስ ድርጅቱ ድሬዳዋ ቅርንጫፍ በካሣ ክፍል ሥራ እንደምትጀምር ስትነግረኝ ደስ ብሎኛል። ስልኩን ከመዝጋትህ በፊት «አባዬ፣ ለመሆኑ ምን ለብሼ ልግባ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ድሬዳዋ ቢሮ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁትን በጽሑፍ ላስቀምጥልህ ብዬ ተቀመጥሁ።

በመጀመሪያ ማን ፊት እንደምትቀመጥ አስብ። ወደ ካሣ ክፍል የሚመጣ ሰው መኪናው የተጋጨበት፣ ሱቁ የተቃጠለበት፣ አንዳንዴም ሐዘን ላይ ያለ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ፊትህንና የያዝከውን ፋይል ሊያይ ይገባዋል እንጂ የሸሚዝህን አበባ ወይም የቀበቶህን ትልቅ ዘለበት ሊያይ አይገባውም። ስለዚህ የምመክርህ አለባበስ ሰው የሚያደንቅልህ ዓይነት ሳይሆን፣ ሰው ልብ ሳይለው የሚያልፈው ንጹሕና ልክ የሆነ አለባበስ ነው። ነጭ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ወይም ስስ መስመር ያለው ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር ግራጫ ሱሪ፣ ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ከጫማው ጋር የሚሄድ ቀበቶ፤ ለመጀመሪያው ወር ከዚህ ውጪ ምንም አያስፈልግህም።

ስለ ሙቀቱ ግን በሰፊው ልነግርህ ይገባል፤ አንተ ለበዓልና ለዘመድ ጥየቃ እየወረድህ አየኸው እንጂ ሙሉ ቀን ተቀምጠህ አልሠራህበትም። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ። የደንገጎን ቁልቁለት ወርደህ ስትጨርስ የለበስኸው ሹራብ ጠላትህ ይሆናል። በተለይ ግንቦትና ሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት የሚበረታበት ጊዜ በመሆኑ፣ አንተም ሥራ የምትጀምረው በክፉው ወቅት ነው። ስለዚህ ሸሚዝ ስትገዛ ከቀለሙ በፊት በአንገቱ ወይም በጎኑ ስፌት ላይ ያለውን ምልክት አንብብ። ሙሉ በሙሉ ጥጥ የሆነ ሸሚዝ ላብ ይመጥጣል፣ ነፋስም ያስገባል፤ ቶሎ መጨማደዱ ግን አይቀርም። ሙሉ በሙሉ ፖሊስተር የሆነው ካውያ አያስቸግርም፤ ይሁን እንጂ እኩለ ቀን ሳይደርስ ጀርባህ ላይ ይጣበቃል፣ የላብ ሽታም ይዞ ያስቀራል። ጥጡ የሚበዛበት ቅልቅል ጨርቅ ለአንተ ይበቃሃል። ሱሪም ቢሆን ቀጭን ሱፍ ወይም ጥጥ ይሁን፤ ወፍራሙን ሐረር ስትመጣ ትለብሰዋለህ።

ከሸሚዝ ሥር ካናቴራ መልበስ ሙቀት የሚጨምር ይመስላል፤ ነገር ግን ላቡን ስለሚወስድልህ ሸሚዝህ ከብብቱ ሥር እርጥብ ሆኖ እንዳይታይ ያደርጋል። ነጭ ካናቴራ በነጭ ሸሚዝ ሥር ጎልቶ ይታያልና ግራጫውን ምረጥ፤ አንገቱም ወደ ታች የወረደ ይሁን፣ በተከፈተው ኮሌታ ብቅ እንዳይል። አጭር እጅጌ ሸሚዝ ይፈቀዳል ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ከለበሰው ልበሰው፤ እስክታውቅ ድረስ ግን ረጅም እጅጌ ልበስና ካስፈለገህ ሁለት ጊዜ እጠፈው።

አሁን ወደ ልክ ልምጣ። እኔ በሕይወቴ ውድ ልብስ ለብሰው ያልተዋጣላቸው ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ ልኩን የለበሰ ሰው ግን በርካሽ ጨርቅም ቢሆን ሲያምርበት አይቻለሁ። ኮት ስትመርጥ ትከሻውን ብቻ ተመልከት። የኮቱ ትከሻ ያንተ ትከሻ ከሚያበቃበት ቦታ ማለፍ የለበትም፤ ትከሻን ማስተካከል ለጥሩ ልብስ ሰፊም ከባድና ውድ ሥራ ነውና። ወገቡን ማጥበብ፣ እጅጌውንና ሱሪውን ማሳጠር ግን ቀላል ነው። እጅጌው የሸሚዝህን ጫፍ ጥቂት፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ያሳይ። ሱሪው ጫማህ ላይ በቀስታ ይረፍ እንጂ ቁርጭምጭሚትህ ላይ አይከመር። ከረባት ካሰርህ ጫፉ ቀበቶህ ላይ ይድረስ፤ ሆድ ላይ የቀረ ወይም ከቀበቶ በታች የተንጠለጠለ ከረባት አይታሰር። ደግሞ ይህን አደራ፦ አዲስ ኮት ስትገዛ እጅጌው ላይ የተሰፋውን የፋብሪካ ምልክት፣ ከኋላ ስንጥቁ ላይ ያለውንም የመስቀል ቅርጽ ስፌት ፍታው። ብዙ ሰው ጌጥ መስሎት ለዓመታት ይዞት ይዞራል፤ ማንም አይነግረውም፣ ሁሉም ግን ያየዋል።

ስለ ምርቃት ልብስህ የማስበውን ልንገርህ፤ እናትህ እንዳትሰማ። የሚያብረቀርቀው ሙሉ ልብስ ለሠርግ ይሁን። ለቢሮ ሲለበስ ሰውየው ከድግስ ቀጥታ የመጣ ያስመስለዋል። በመጀመሪያው ቀን ኮት ይዘህ መግባትህ ተገቢ ነው፤ ይሁንና ከቤት እስከ ቢሮ ለብሰኸው በባጃጅ አትሂድ፤ እጥፍ አድርገህ በክንድህ ያዝና ደጃፉ ላይ ስትደርስ ልበሰው። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ባልደረቦችህን ተመልከት፦ ከረባት የሚያስረው ማነው፣ አርብ ቀን ምን ይለብሳሉ፣ የደንብ ልብስ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም። የሰው ኃይል ክፍልን በቀጥታ ብትጠይቅም ነውር የለውም። የደንብ ልብስ ካለ ገንዘብህን አትጨርስ።

የጫማ ነገር ከሸሚዝ ይበልጥ ሰው ያያል፤ ባጃጁም የመንገዱም አቧራ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ጥቁር፣ ማሰሪያ ያለው፣ ጫፉ ያልሾለ የቆዳ ጫማ ግዛ። ሁለት ጥንድ መግዛት ከቻልህ በየቀኑ አቀያይራቸው፤ የቆዳ ጫማ የጠጣውን ላብ ለማድረቅ አንድ ቀን ያስፈልገዋል። ማታ ጋዜጣ ጠቅጥቀህ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጠው እንጂ ፀሐይ ላይ አታስጣው፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። ሊስትሮ ቢጠርግልህ ጥሩ ነው፣ ቀለም ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ በቀሩት ቀናት እርጥብ ጨርቅ ብቻ። ካልሲህ ጥቁር ወይም የሱሪህ ቀለም ይሁን፣ ስትቀመጥም እግርህን የማያሳይ ያህል ረጅም። የተቀደደ ካልሲ ማን ያይብኛል አትበል፤ ካሣ ለማጣራት ሰው ቤት ትላካለህ፣ እዚህ አገር ደግሞ ጫማ ሳያወልቁ የማይገቡበት ቤት ብዙ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። በካሣ ክፍል የተጋጨ መኪና ለማየት ጋራዥ ድረስ መሄድ የማይቀር ነው። በነጭ ሸሚዝ የዘይት ኩሬ ውስጥ የሚገባ ባለሙያ መካኒኮቹ ፊት ሞኝ ይመስላል፤ ሲጸየፍ ካዩት ደግሞ የሚያውቁትን አይነግሩትም። መሳቢያህ ውስጥ አንድ አሮጌ ጠንካራ ሱሪ፣ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝና ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ አስቀምጥ። ወደ መኪናው ሥር ስትጎነበስ ከረባት አውልቅ።

ስለ እጥበት አክስትህ ታግዝሃለች፤ ቢሆንም ሸሚዝህን ራስህ እጠብ። የድሬዳዋ ውኃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ሳሙና በቀላሉ አረፋ አያወጣም፤ በደንብ ያልተለቀለቀ ነጭ ልብስ ከጊዜ ጋር ግራጫ ይመስላል። የአንገቱንና የእጅጌውን ጫፍ አስቀድመህ በሳሙና አሽተህ ጥቂት አቆየው፣ ቀጥሎም ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቀው። የብብት ቢጫ ላይ በረኪና አታፍስስ፤ ቢጫነቱን ያባብሰዋል። በውኃ የቀጠነ ኮምጣጤ ይሻላል። ላብ የሚከለክለውን ነገር ጠዋት ስትቀባ ሳይደርቅ ሸሚዝ አትልበስ፤ ቢጫው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከእርሱ ነው። መብራት የሚጠፋበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል የአምስቱንም ቀን ሸሚዝ እሑድ ተኩስና በመስቀያ ስቀለው። ስትተኩስ ጨርቁ ትንሽ እርጥበት ይኑረው፤ ኮሌታውን ከጫፎቹ ወደ መሐል፣ ቀጥሎ እጅጌውን፣ ገላውን መጨረሻ ላይ። በሱፍ ሱሪ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሳትጥል ካውያ አታሳርፍ፣ ያብለጨልጫል።

ሽቶ በጣም ጥቂት፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከአራት ሰው ጋር ትቀመጣለህ። ጥፍርህ አጭር፣ ጢምህ ወይ የተላጨ ወይ የተከረከመ ይሁን። ጫትን በተመለከተ ያንተ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ከምሳ በኋላ ቢሮ የምትመለስ ከሆነ ጥርስና ጣት ላይ የሚቀረው አረንጓዴ በጥሩ ሸሚዝ አይሸፈንም። ሽርጥ የቤት ነው፣ ድሬዳዋ ሰዉ ከሰዓት በኋላ በሽርጥ ደጃፍ ቢቀመጥም፣ አንተ ከባልደረባ ጋር በሥራ ቀጠሮ ስትገናኝ ሱሪ ልበስ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ደመወዝህ እስኪደርስ ብዙ አትግዛ። ከፊራ ወይም ታይዋን ገበያ ገብተህ የሚጠሩልህን የመጀመሪያ ዋጋ አትክፈል፤ ዙር፣ ነካካ፣ ስፌቱን ገልብጠህ እይ። ሰልባጅ ልብስ ውስጥም አሁን ከሚሰፋው የተሻለ ሱፍ ይገኛል፤ ደረቱንና ብብቱን በብርሃን ሳታይ ግን አትውሰድ። ሱሪ ግን አትግዛ፤ እኔ አሰፋልሃለሁ። እዚህ ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ያለው ልብስ ሰፊያችን ለምርቃትህ የወሰደው ልክ አሁንም ደብተሩ ላይ አለ። ትናንት ሄጄ ጥቁር ሰማያዊና ግራጫ ሱሪ አዝዣለሁ፤ ወገቡ ላይ ለማስፋት የሚሆን ጨርቅ ውስጥ እንዲተው ነግሬዋለሁ፣ አክስትህ ዘንድ የሚበላ ሰው ይወፍራልና።

ሐሙስ በሚወርደው ሚኒባስ ሁለቱ ሱሪዎች፣ ሦስት ሸሚዝ፣ የእኔ ጥቁር ቀበቶና እናትህ የቋጠረችው ምግብ ይደርሱሃል። ሱሪዎቹን ከምታደርገው ጫማ ጋር ለካቸውና ርዝመታቸው ከበዛ ምን ያህል ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ዓርብ ደውለህ ንገረኝ፤ ካላስተካከልኸው ሰኞ አትልበሰው፣ አክስትህ ሰፈር ሳቢያን ውስጥ በአንድ ቀን የሚያሳጥር ልብስ ሰፊ አይጠፋም። ቀበቶው ላይ አንድ ቀዳዳ እኔ ጨምሬበታለሁ።

እናትህ ሰላም ብላሃለች። አክስትህንም በእኔ ስም ሰላም በልልኝ።

አባትህ