የሚያፈስ ሬጉሌተር፦ ሒሳቡና መብቱ

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ አስመጪ 4,000 የጋዝ ሬጉሌተር አስገባ እንበል። 1,500 ያህሉ ከተሸጠ በኋላ ቴክኒሻኑ መጋዘን ከቀሩት 40 አንስቶ በሳሙና አረፋ ሲፈትሽ ሁለቱ አፈሰሱ፤ የላስቲክ ቀለበታቸው ተሰነጣጥቋል። የተሸጡትን ሰብስቦ መተካት፣ አንዱን በ350 ብር፣ 525,000 ብር ይፈጃል። ሥራ አስኪያጁ በሌላ በኩል እንዲህ ደመረ፦ የ1,500 አምስት በመቶ 75 ነው፤ ከ25ቱ አንዱ እሳት ቢያስነሳ ሦስት ቃጠሎ፤ ካሳው ለእያንዳንዱ 150,000 ብር ቢሆን 450,000። ዝም ቢባል 75,000 ብር ይተርፋል።

ይህን ስሌት «የጠቀሜታ ሥነ ምግባር» ብሎ መጥራት የተለመደ ስህተት ነው። የዚህ ሥነ ምግባር ፈላስፎች ቤንታምም ሆነ ሚል የሚጠይቁት የሚነካውን ሰው ሁሉ ጥቅምና ጉዳት መቁጠርን ነው፤ እዚህ የተቆጠረው የአስመጪው ኪስ ብቻ ነው። ከላይ ፎቅ የተኛው ጎረቤት የትም የለም። ቁጥሩም ስስ ነው። ከ40 ሁለት መገኘቱ እውነተኛውን መጠን አምስት በመቶ አያደርገውም፤ በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ ከ0.6 እስከ 17 በመቶ ይዘልቃል፣ ማለትም ከ9 እስከ 255 ሬጉሌተር። ለዝምታ የሚፈርደው ሒሳብ የቆመው መሃሏን አንዲት ቁጥር ብቻ ይዞ ነው።

ግን ሒሳቡ ተስተካክሎም ዝምታው ቢያዋጣስ? የመብት እይታ ሚዛኑን ከነጭራሹ አይቀበልም። ገዢዋ አደጋውን አልመረጠችም፤ እያወቁ የደበቋት የሌላ ሰው ትርፍ መሣሪያ አድርገዋታል። ፈላስፋው ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. የከለከለው ይህንኑ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል።

የመብት ክርክር የሚደክመው ቀጥሎ ነው። አስመጪው በእጁ ያለው ደህና ምትክ 400 ብቻ ቢሆን፣ የ1,500ውም ገዢዎች መብት እኩል ነውና ማን ይቅደም? መብት ወረፋ አያወጣም፤ እዚህ ጠቀሜታ ይግባ። ማስጠንቀቂያው ወጪው ትንሽ ስለሆነ በዚያው ቀን ለሁሉም ይደርሳል፦ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ክብሪትም መብራትም አትንኩ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ምድር ቤት ያለ ኩሽና ስለዚህ ይብሳል። 400ው ምትክ በቅድሚያ ቀኑን ሙሉ ለሚያበስሉና ሰው ለሚበዛባቸው ምግብ ቤቶች፣ ቀጥሎ መስኮት ለሌላቸው የኮንዶሚኒየም ኩሽናዎች ይሰጥ። ለተቀሩት ገንዘባቸው ይመለስ። ስልካቸው ደረሰኝ ላይ ያልሰፈረ ገዢዎች በቸርቻሪዎቹ በኩል ይፈለጉ፤ መጋዘን ያለው 2,500 ደግሞ ቀለበቱ ተቀይሮ እያንዳንዱ እስኪፈተሽ ከሽያጭ ይታገድ።