በድርጅቱ የሂሳብ ስሕተት ምክንያት የተጣለብኝ የዘገየ ክፍያ ቅጣት እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ቀን፦ መጋቢት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደሴ

ለመጋዘን አገልግሎት ሰጪ ድርጅቱ የፋይናንስ ክፍል
ኮምቦልቻ

በውል ቁጥር 0412/18 የድርጅቱ ደንበኛ ስሆን፣ ኮምቦልቻ በሚገኘው መጋዘናችሁ 120 ኩንታል ምስር አስቀምጬ አገልግሎቱን ማግኘቴ ይታወቃል። መጋቢት 14 ቀን በደረሰኝ ደብዳቤ ግን ብር 1,766.40 የዘገየ ክፍያ ቅጣት እንድከፍል ተጠይቄአለሁ። ክፍያው የዘገየው ድርጅቱ ራሱ ተሳስቶ ያዘጋጀውን የክፍያ መጠየቂያ እስኪያርም ድረስ በመጠበቄ ስለሆነ፣ ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ እንዲነሣልኝ ይህን ማመልከቻ አቅርቤአለሁ።

ስሕተቱ የመጣው ከቀን አቆጣጠር ነው። ምስሩ ወደ መጋዘን የገባው ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጋዘኑ ሠራተኛ በካርቦን ገልብጦ በሰጠኝ የገቢ ደረሰኝ ላይ ወሩን በፊደል «ኅዳር» ብሎ ጽፎታል። ይኸው ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ኅዳር በቀጥታ ኖቬምበር ተደርጎ 12/11/2025 ተብሎ ተመዘገበ። ኅዳር 12 ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ነው፤ ኖቬምበር 12 በእኛ ኅዳር 3 ላይ ይውላል። ጥር 6 ቀን ምስሩ ሲወጣ ቀኑን የመዘገበው የበሩ ማሽን ስለነበረ መውጫው ትክክል ሆኖ መግቢያው ብቻ ዘጠኝ ቀን ወደ ኋላ ተሳበ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ምስሩ ገና ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ባለው መደብሬ ውስጥ ነበር። በመግቢያው ዕለት ከእናንተው የመኪና ሚዛን የታተመው ወረቀትም 21/11/2025 ይላል።

በዚህ የተነሣ የ55 ቀን ኪራይ የ64 ቀን ሆነ። በኩንታል በቀን 2 ብር ታስቦ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ መክፈል የነበረብኝ ብር 15,180.00 ሆኖ ሳለ የተጠየቅሁት ብር 17,664.00 ነው።

መጠየቂያው የተጻፈው ዓርብ ጥር 8 ቀን ሲሆን የመክፈያው ጊዜ እስከ ጥር 18 ነበር። የጥምቀት በዓል እንዳለፈ፣ ጥር 13 ቀን፣ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ በመምጣት ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ በእጄ ያለው ቅጂ የገቢ ማኅተምና ቁጥር አለበት። ያልተከራከርሁበትን ገንዘብ ለምን በወቅቱ አልከፈልህም የሚል ጥያቄ ሊነሣ እንደሚችል እረዳለሁ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። በዚያው ዕለት ብር 15,180.00 ይዤ ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ቀርቤ ነበር። ኮምፒዩተሩ በመጠየቂያው ላይ ካለው ሙሉ ሂሳብ በታች እንደማይቀበል ነግራኝ፣ ማስረጃ እንድትሰጠኝ ስለምናት በቅሬታዬ ቅጂ ኅዳግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ከፊል አይቀበልም» ብላ ጽፋ ፈርማበታለች። ለዚህ ትብብሯ አመሰግናታለሁ፤ እርሷ ባትጽፍልኝ ኖሮ ዛሬ በቃሌ ብቻ መከራከር ይገባኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ «እየታየ ነው» ከሚል መልስ በቀር ያገኘሁት አልነበረም። የታረመው መጠየቂያ የተሰጠኝ መጋቢት 8 ቀን ሲሆን፣ መጋቢት 10 ቀን ሙሉውን ከፍያለሁ።

ቅጣቱ የታሰበው ከጥር 18 ጀምሮ፣ በየወሩ አምስት በመቶ፣ የሁለት ወር ተብሎ ነው። ከዚህም በላይ ስሌቱ የተሠራው ድርጅቱ ራሱ አርሞ በሰረዘው በብር 17,664.00 ላይ ነው። ይሁን እንጂ የምጠይቀው ቅጣቱ በታረመው ሂሳብ ላይ ተሰልቶ ወደ ብር 1,518.00 እንዲወርድልኝ አይደለም። የውላችን አንቀጽ 7 ቅጣት የሚታሰበው ደንበኛው ትክክለኛ የክፍያ መጠየቂያ ደርሶት በ10 ቀን ውስጥ ሳይከፍል ሲቀር መሆኑን ይደነግጋል፤ ትክክለኛው መጠየቂያ በደረሰኝ በሁለተኛው ቀን ለከፈልሁት ሰው ቅጣት የሚታሰብበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ የብር 1,766.40 ቅጣቱ ተሰርዞ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ ዕዳው በስሜ ተመዝግቦ በመቆየቱም ለሚቀጥለው ጭነት የመጋዘን ቦታ ለመያዝ ስላልቻልሁ እገዳው ውሳኔው እስኪሰጥ እንኳ ሳይጠበቅ እንዲነሣልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የገቢ ደረሰኙን፣ የሚዛኑን ወረቀት፣ ሁለቱን መጠየቂያዎች፣ ማኅተም ያለበትን ቅሬታና የመጋቢት 10ን የክፍያ ደረሰኝ ቅጂ በ6 ገጽ አያይዤአለሁ። ዋናዎቹ በእጄ ስለሚገኙ ለማመሳከር በተፈለጉ ጊዜ ይዤ እቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
በውል ቁጥር 0412/18 የተመዘገበ ደንበኛ
የእህል ነጋዴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ደሴ

ግልባጭ፦
ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ለመጋዘን ገቢና ወጪ ክፍል