ለአባዬ ሰባኛ ዓመት

ስቶክሆልም፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤
ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እንኳን ለሰባኛ ዓመትዎ አደረሰዎ! ጋቢ ሞልቶዎታል፤ ለመንዝ ሰው ከባሕር ማዶ ባና መላክ ደግሞ ነውር ነው። የላክሁልዎ የፀሐይ መብራት ነው፤ ምክንያቱም ዳዊትዎ። የኩራዝ ብርሃን ወደ ቀይ ያደላል፤ በቀይ ቀለም የተጻፈው ስመ አምላክ ከገጹ ጋር ይመሳሰልና ይደበዝዛል። መነጽር ፊደል ያጎላል እንጂ ብርሃን አይጨምርም። የዚህኛው ብርሃን ነጭ ስለሆነ ቀዩም ጥቁሩም ተለይቶ ይታያል። ሲደግሙ ከግራ ትከሻዎ ከፍ አድርገው ይስቀሉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ ዓይን ይወጋል።

ባትሪውን መርጬ ነው የገዛሁት። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ከሰነበተ ይሞታል፤ በክረምት ደመና ይህ አይቀርም። የእርስዎ ሊቲየም ነው፤ ጎደሎ ሆኖ መቆየት ያን ያህል አይጎዳውም። ጠላቱ ውርጭ ነው፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ከተሞላ ውስጡ ይበላሻል፣ አይጠገንም። ስለዚህ መብራቱ ቤት ይደር፣ ቤት ይዋል። ውጭ የሚሆነው ፀሐይ የሚቀበለው ሰሌዳ ብቻ ነው፤ እሱን ብርድ አይነካውም። ገመዱ 5 ሜትር ስለሆነ በመስኮት ይደርሳል።

ሰሌዳውን ሣር ክዳኑ ላይ አይስቀሉት። የምድጃው ጭስ በክዳኑ ውስጥ ወጥቶ ጥቀርሻ ያለብሰዋል። ከቤቱ በስተደቡብ እንጨት ተክለው፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ጥቂት አዘንብለው ይሰሩት፤ ዝናቡ አቧራውን ያጥበዋል። የባሕር ዛፉ ጥላ እንዳያርፍበት፤ ጥግ ላይ ብቻ ቢያርፍ እንኳ ኃይሉ በብዙ ይቀንሳል። ገመዱን ጥጃ ከማይደርስበት ከፍ ያድርጉት። በበጋ በሳምንት አንዴ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት፤ በአመድ ግን አይሹት፣ መስታወቱን ይቧጭረዋል።

ሰሌዳው 6 ዋት፣ ባትሪው 19 ዋት ሰዓት ነው። ጥርት ያለ የአንድ ቀን ፀሐይ ይሞላዋል። በትልቁ ብርሃን ስምንት ሰዓት ያህል፣ በትንሹ ከሦስት ሌሊት በላይ ያበራል። የእርስዎ ባለ ቁልፍ ስልክ ብዙ አይጠጣም። የልጆቹ ትልልቅ ስልክ ግን አንዴ ሲሞላ ባትሪውን ሊጨርሰው ምንም አይቀረው። መሰካት ካማራቸው ቀን፣ ፀሐይ ሳለች ይሁን፤ ማታ የዳዊቱ ነው። ቢቆጡዋቸው ከእኔ ጋር ነዎት።

መብራቱን የሚያመጣው ሰው በእጅ ቦርሳው ይይዘዋል፤ ሊቲየም በጭነት ሻንጣ ባይላክ ይመረጣል። እንደደረሰ ሳያበሩት አንድ ሙሉ ቀን ይሙሉት። ኩራዙንም አይጣሉት፤ ሐምሌ ላይ ደመናው ለቀናት ሲሰነብት ያስፈልጋል።

ለእናቴ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ ታደሰ