ቅዳሜ የነገርኩህ

ውድ ዳዊት፣

ቅዳሜ አሞራ ገደል ቁጭ ብለን የነገርኩህን ዛሬ በጽሑፍ የምደግመው፣ እያለቀስኩ ስለተናገርኩ ግማሹ በቅጡ ያልደረሰህ ስለመሰለኝ ነው። ያዘዝነው የዓሣ ሾርባ እንኳ ሳይነካ ነው የተመለሰው። ግንኙነታችንን አቁሜያለሁ። ተናድጄ አይደለም፣ ሌላ ሰውም የለም። "ከፋሲካ በኋላ እንየው" የሚባል ነገርም የለውም። እንዲህ ቁርጡን የምነግርህ ተስፋ ይዘህ እንዳትቆይ ነው።

ምክንያቱን ጠይቀኸኝ "ርቀቱ" አልኩህ። ሙሉው እውነት እሱ አይደለም። ርቀቱ ብቻ ቢሆን ወደ አዲስ አበባ ዝውውር መጠየቅ እችል ነበር። ፎርሙን አምና ሞልቼዋለሁ፣ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ አላስገባሁትም። ለማስገባት በተነሳሁ ቁጥር እጄ ያልታዘዘልኝ፣ አብሬህ ለመኖር የነበረኝ ፍላጎት ስላለቀ ነው። ይህን አምና ልነግርህ ይገባ ነበር። ስላዘገየሁት ይቅርታ አድርግልኝ። አንተ ያጎደልከው ነገር የለም፤ አባቴ ሲታመሙ ሌሊት መኪና ፈልገህ የደረስክላቸውን ቤታችን አይረሳውም።

ሽማግሌ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንዲመጣ ተባብለን ነበር። ከመላካቸው በፊት የተናገርኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሽማግሌ ደጅ ከረገጠ በኋላ ቢሆን የሁለት ቤተሰብ ቅያሜ ይሆናል። ስለዚህ እባክህ ለጋሽ ታደሰ እስከ ሐሙስ ንገራቸው። እኔም ሐሙስ ማታ ለእናቴ እነግራለሁ። "ተስማምተው ተለያዩ" በል አልልህም፤ የወሰነችው እሷ ናት ብትል እውነት ነው፣ አልቀየምም። ለማስታረቅ ግን ሰው አትላክብኝ። አክብሬያቸው እየሰማሁ መልሴ ስለማይለወጥ፣ እነሱንም አንተንም ማድከም ይሆናል።

ዕቁቡን በተመለከተ፦ በወር 6,000 ብር፣ ከየእኛ 3,000፣ እስካሁን 7 ዙር ከፍለናል፣ ዕጣችን አልወጣም። መሃል ላይ ብናቋርጥ ዳኛውንም አባላቱንም ስለምናስቸግር ማቋረጥ የለብንም። የምትችል ከሆነ ቀሪውን 5 ዙር ብቻህን ክፈል፤ ዕጣው ሲወጣ 72,000ው ሲደርስህ የከፈልኩትን 21,000 ብቻ ትልክልኛለህ። ከከበደህ እኔ እስከ 12ኛው ዙር 3,000 ብሬን በየወሩ በቴሌብር እልካለሁ፣ መጨረሻ ላይ 36,000፣ 36,000 እንካፈላለን። ሁለቱም ይስማማኛል። የመረጥከውን በአንድ መስመር ጻፍልኝ፤ በቃል ከተውነው ነገ መጨቃጨቂያ ይሆናል።

ዕቃዎቹን ታናሽ እህቴ የፊታችን እሁድ አዲስ አበባ ይዛ ትመጣለች፣ ለእህትህ ታስረክባለች። የቤትህ ቁልፍ፣ ጥቁር ጃኬትህ፣ ሁለተኛው ቻርጀርህ አለ። እናትህ ለገና ያደረጉልኝ የወርቅ ሀብልም አለ። ለምራታቸው ብለው የሰጡት ስለሆነ እኔ ዘንድ መቆየት የለበትም፤ እሳቸው ባሰሩበት ነጭ መሐረብ እንደታሰረ ነው፣ ከእጃቸው ይግባ። ከአንተ ዘንድ የምፈልገው ዋናው የዲግሪዬ ማስረጃ ነው፣ ቁም ሳጥኑ የላይኛው መደርደሪያ ላይ በሰማያዊ ማህደር ውስጥ አለ። የሐበሻ ቀሚሴንም ላክልኝ። ጀበናውና ሲኒዎቹ ይቅሩልህ።

በላፕቶፕህ ላይ ኢሜይሌ ክፍት ነው፣ ዝጋልኝ። የአንተንም ከስልኬ አውጥቻለሁ። ፎቶዎቻችንን አላጠፋም፣ አንተም እንደፈለግክ። ፌስቡክ ላይ ያሉትን ግን እሁድ ማታ ሁለታችንም እናንሳቸው፣ ምንም ሳንጽፍ።

የእናትህ የስኳር መለኪያ ወረቀት ሁለት ጣሳ፣ እያንዳንዱ 50፣ ከዕቃው ጋር ልኬያለሁ። አንዱን አውጥተው ወዲያው ክዳኑን እንዲገጥሙ አስታውሳቸው፤ እርጥበት ከገባው ልኬቱ ይሳሳታል። ኢንሱሊኑም ፍሪጅ ውስጥ ይሁን እንጂ ፍሪዘሩ አጠገብ አይሁን፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም። ከእንግዲህ የሚገዛላቸው ሰው አሁኑኑ ይታሰብበት፣ ይህን ያልኩህ መሃል ላይ እንዳያልቅባቸው ሰግቼ ነው።

ከእሁድ በኋላ ለሦስት ወር አንደዋወል፣ የበዓል መልእክትም ቢሆን። "እንኳን አደረሰሽ" ብትለኝ እመልሳለሁ፣ ከመለስኩ ደግሞ ሁለታችንም ወደ ኋላ እንመለሳለን። ስልክህን አልዘጋሁም። ሐዘን ቢደርስ፣ እግዚአብሔር አያምጣው እንጂ፣ ንገረኝ፤ ለቅሶ እመጣለሁ።

ለአራት ዓመቱ አመሰግንሃለሁ። ደህና ሁን።

ሄለን